የፕሮፎርማን የአከፋፈል አንቀጽ ከርክክብ ደረጃዎች ጋር የማሰር ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ከብረታ ብረት ወርክሾፖች የሚወጡ ብዙ ፕሮፎርማዎች የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋውን በጥንቃቄ ያስቀምጡና አከፋፈሉን በአንዲት መስመር ይዘጉታል፦ «50 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው 50 በመቶ ሥራው ሲጠናቀቅ ይከፈላል።» ሥራው «ተጠናቀቀ» የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ይህን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ መጠናቀቁም በምን ወረቀት እንደሚረጋገጥ መስመሯ አትናገርም። በዚህም ምክንያት ዕቃው ተረክቦ፣ ተተክሎ፣ ገንዘቡ ግን ለወራት ሳይከፈል ይቀራል።

ይህ መመሪያ አንድ ምሳሌ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ሻጩ ጅማ ከተማ የሚገኝ ወርክሾፕ ነው፤ ገዢው አጋሮ አካባቢ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ዕቃው ደግሞ በሞተር የሚሠራ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ነው። ዋጋው 1,200,000 ብር ሲሆን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 180,000 ብር ሲደመርበት ጠቅላላው 1,380,000 ብር ይሆናል።

ከመጻፍዎ በፊት በእጅዎ ሊኖሩ የሚገባቸው

የወጪ ስሌትዎን፣ ማሽኑ የሚተከልበትን ቦታ አድራሻ፣ በገዢው በኩል ዕቃ ተረክቦ የመፈረም ሥልጣን ያለውን ሰው የሥራ መደብ፣ እንዲሁም የማኅበሩ ባንክ ሒሳብ በስንት ሰው ፊርማ እንደሚንቀሳቀስ ይያዙ። የመጨረሻውን አይናቁት። ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ በጋራ የሚፈርሙ ከሆነና አንደኛው ለለቅሶ ወይም ለስብሰባ ራቅ ብሎ ከሄደ፣ «በዕለቱ ይከፈላል» የሚለው ቃልዎ በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል።

ደረጃ 1፦ ወጪዎን ገንዘቡ ከእጅዎ በሚወጣበት ቅደም ተከተል ይጻፉ

ወጪዎን በዕቃ ዓይነት ሳይሆን በጊዜ ይደርድሩ። በምሳሌያችን ከታክስ በፊት ያለው ወጪ እንዲህ ነው፦

- በመጀመሪያው ሳምንት ለላሜራና ለብረት 340,000 ብር፤
- ቀጥሎ ለሞተር፣ ለኩሽኔታና ለቺንጋ 260,000 ብር፤
- ለብየዳ፣ ለቶርኖና ለቀለም ሥራ 250,000 ብር፤
- ለጭነትና ለጫኝና አውራጅ 70,000 ብር፤
- ለተከላ 80,000 ብር።

ድምሩ 1,000,000 ብር ነው፤ የቀረው 200,000 ብር ትርፍ ነው። ማሽኑ ከወርክሾፑ በር ከመውጣቱ በፊት 850,000 ብር ወጪ እንደሚደረግ ልብ ይበሉ። መቶኛ የሚከፋፈለው ይህን ቁጥር እያዩ እንጂ «ሁሉም ሰው 50 በ50 ነው የሚጽፈው» በሚል ልማድ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ድርጊትና አንድ ወረቀት ይምረጡ

አንድ የክፍያ ዙር ሊታሰር የሚገባው በዓይን በሚታይ፣ ሆነ ወይም አልሆነም ተብሎ በአንድ ቃል በሚመለስ ድርጊት ነው። «ሥራው 60 በመቶ ሲደርስ» አይበሉ፤ ስልሳ መሆኑን ለክቶ የሚነግራችሁ ሰው የለም። «ዕቃው በአጥጋቢ ሁኔታ ሲቀርብ» የሚለውም የገዢውን ስሜት እንጂ የተፈጸመን ነገር አይገልጽም።

ለማሽናችን አራት ድርጊቶች ይበቃሉ፤ ከዚህ ባበዙት ቁጥር የሚያሳድዱት ፊርማ ይበዛል።

1. ገዢው ፕሮፎርማውን ፈርሞና ማህተም አድርጎ መመለሱ። ወረቀቱ የተፈረመው ፕሮፎርማ ራሱ ነው።
2. ማሽኑ በወርክሾፑ ውስጥ ያለ ቡና ሲዞር በገዢው ተወካይ መታየቱ። ወረቀቱ በሁለቱም ወገን የተፈረመ የፍተሻ ሰነድ ነው።
3. ማሽኑ በተስማሙበት ቦታ ከመኪና መውረዱ። ወረቀቱ የርክክብ ሰነድ ነው። ገዢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ የንብረት ክፍሉ የሚቆርጠውን ሞዴል 19 በስሙ መጥቀስ ይገባ ነበር፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍሉ ያለ እርሱ ክፍያ አያንቀሳቅስም።
4. ማሽኑ ተተክሎ እሸት ቡና ሲፈለፍል መታየቱ። ወረቀቱ የሙከራ ሰነድ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰነድ ባዶ ቅጹን አሁኑኑ አዘጋጅተው ከፕሮፎርማው ጋር ያያይዙት። ገዢው ወደፊት የሚፈርምበትን ወረቀት አስቀድሞ ካየው፣ ዕቃው በደረሰ ቀን «ይህን ለቦርድ ላሳይ» የሚል መዘግየት አይኖርም።

ደረጃ 3፦ በገዢው እጅ ወይም በወቅቱ እጅ ያለውን እንቅፋት ይለዩ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። እያንዳንዱን ድርጊት ይዘው «እኔ የሚጠበቅብኝን ሁሉ ብፈጽምና ይህ ድርጊት ሳይሆን ቢቀር ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ወረቀት ነው። በአንድ ዓመት ሰኔ ላይ ከጠቅላላው ዋጋ ሩቡን «ማሽኑ ቡና ሲፈለፍል ታይቶ» የሚል ቃል ሥር አስቀምጬ ፈረምኩ። ማሽኑ በሐምሌ ተተከለ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁሉም ነገር ይዞራል። ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አውጥተው ጣታቸውን በመስመሯ ላይ አደረጉና «ወንድሜ፣ ወረቀቱ ሲፈለፍል ታይቶ ነው የሚለው፤ በሐምሌ እሸት ከየት ላምጣልህ?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። የቀይ እሸት ለቀማ በአካባቢያችን የሚሞቀው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ገንዘቤም እስከ ኅዳር ጠበቀ። በዚያ መካከል የላሜራ ዕዳዬን የከፈልኩት ተበድሬ ነበር።

መፍትሔው ፈተናውን መተው አይደለም፤ ገዢው ማሽኑ ፍሬ ሳይቆርጥ እንደሚፈለፍል የማየት መብት አለው። መፍትሔው ሁለት ነገር ማድረግ ነው። አንደኛ፣ ትልቁን ገንዘብ ከእሸት ጋር ያልተያያዙ ድርጊቶች ላይ ማሰር። ሁለተኛ፣ በእሸት ለሚደረገው ሙከራ የመጨረሻ ቀን መቁረጥ፦ «ሙከራው ሲደረግ ወይም ኅዳር 15 ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው»። ገዢውም ሜዳ ላይ እንዳይቀር ወዲያው ቀጥለው «ክፍያው በቀኑ ቢፈጸምም ሙከራው ሲደረግ የሚታይ ጉድለት ካለ ሻጩ ያለ ክፍያ ያስተካክላል» ብለው ይጨምሩ። ይህች ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ባትኖር እኔ ገዢ ብሆን የመጀመሪያዋን አልፈርምም።

የሙከራውን መለኪያም በቁጥር ይጻፉ። ለምሳሌ ማሽኑ በአንድ ሰዓት 1,000 ኪሎ የበሰለ እሸት ሲፈለፍል፣ ከመውጫው ተዘግነው ከሚቆጠሩ 100 ፍሬዎች መካከል የተቆረጡት ወይም የተሰነጠቁት ከ2 ካልበለጡ ሙከራው እንዳለፈ ይቆጠራል። «የበሰለ» የሚለውን ቃል አይርሱ፤ ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ የገባበት ማሽን ምንም ያህል ቢስተካከል ፍሬ ይቆርጣል፣ ጥፋቱም በእርስዎ ይላከካል።

ሁለተኛው እንቅፋት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር እስከ ማሽኑ ቦታ ማድረስ የገዢው ሥራ ከሆነ ይጻፉት፤ ማሽኑ ከደረሰ በ15 ቀን ውስጥ መስመሩ ካልቀረበ ሻጩ በራሱ ጄኔሬተር አዙሮ ማሳየት እንደሚችልና ይህም ተከላው እንደተጠናቀቀ እንደሚያስቆጥር ይጨምሩ።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከጅማ አጋሮ አስፋልት ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ማኅበሩ ግቢ የሚገባው የአፈር መንገድ ግን በክረምት አይሱዙን እስከ ጎማው ይውጣል። «በማኅበሩ ግቢ ሲደርስ» ብቻ ብለው ከጻፉ ርክክቡ በጭቃው እጅ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ መኪና መግባት ካልቻለ ማሽኑ በአጋሮ ከተማ ገዢው በጽሑፍ በሚያሳውቀው መጋዘን ሲራገፍ ርክክቡ እንደተፈጸመ እንደሚቆጠር፣ ከዚያ ወደ ግቢው የሚያደርሰውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ይወስኑ።

ደረጃ 4፦ መቶኛውን በስሌት ይከፋፍሉ

መቶኛው የሚሰላው ታክስን ጨምሮ ከጠቅላላው ዋጋ መሆኑን ይግለጹ፤ በብርም ይጻፉት። በምሳሌያችን 30፣ 40፣ 20 እና 10 በመቶ እንሞክር፦

- 1ኛ ዙር፦ 414,000 ብር (ታክሱ ሲወጣ 360,000)፤
- 2ኛ ዙር፦ 552,000 ብር (ታክሱ ሲወጣ 480,000)፤
- 3ኛ ዙር፦ 276,000 ብር (ታክሱ ሲወጣ 240,000)፤
- 4ኛ ዙር፦ 138,000 ብር (ታክሱ ሲወጣ 120,000)።

ታክሱ ወደ መንግሥት የሚሄድ ስለሆነ ሲያነጻጽሩ በቅንፍ ያለውን ቁጥር ይጠቀሙ። የመጀመሪያው 360,000 የላሜራውን 340,000 ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ሞተሩንና የእጅ ሥራውን ሲጨምሩ የወጣው 850,000 ስለሚደርስ ከኪስዎ 490,000 ብር ወጥቷል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ማሽኑ በእርስዎ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ዋስትናዎ እርሱ ነው። ሁለተኛው ዙር ሲገባ የተቀበሉት 840,000 ይሆናል። ማሽኑ ተጭኖ ሲሄድና 70,000 ሲጨመር በገዢው እጅ ያለው የእርስዎ ወጪ 80,000 ብር ብቻ ነው። ሦስተኛው ዙር ሲገባ 1,080,000 ይደርሳል፤ የተከላው 80,000 ተከፍሎም ወጪው ሁሉ ተሸፍኗል።

የማያጠያይቀው መስፈርት ይህ ነው፦ ለመጨረሻው ዙር የሚቀረው ገንዘብ ከትርፍዎ መብለጥ የለበትም። እዚህ 120,000 ከ200,000 ያንሳል፤ ስለዚህ አንቀጹ ይቆማል። «50 ቀብድ፣ 50 ሲጠናቀቅ» ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠለው 600,000 ብር ነበር፤ ከዚህም 400,000ው የራስዎ ወጪ ነው።

ገዢው በሕግ የሚጠበቅበትን ቅድመ ግብር ከክፍያው ቀንሶ የሚያስቀር ከሆነ፣ የተቀነሰው መጠን ደረሰኙ ሲሰጥዎ እንደተከፈለ እንደሚቆጠር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ያለዚያ ሒሳቡ ሁልጊዜ ትንሽ ጎድሎ ይታያል፤ «ዙሩ ሙሉ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» የሚል ክርክርም ያስነሳል።

ደረጃ 5፦ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ያውጡ

በየዕለቱ አነጋገራችን ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ ናቸው፤ በሕግ ግን አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ይደነግጋል። በቁጥር 1885 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገንም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ውሉን ማፍረስ ይችላል።

በምሳሌያችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። 414,000 ብሩን «ቀብድ» ብለው ከጻፉና ሞተር ጠፍቶ ሥራውን መተው ቢኖርብዎ 828,000 ብር እንዲመልሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ገዢውም በበኩሉ ላሜራው ከተቆረጠ በኋላ «ቀብዴን ትቻለሁ» ብሎ የመሄድ መንገድ ተከፈተለት። ስለዚህ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፤ ከሥሩም «ይህ ክፍያ የዋጋው አካል እንጂ ቀብድ አይደለም» የሚል መስመር ያክሉ።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን በሁለቱም ወገን ላይ ያስሩ

የማስረከቢያው ጊዜ የሚቆጠረው ፕሮፎርማው ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ዙር ወደ ባንክ ሒሳብዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን ያድርጉ። ቀጥሎም ማንኛውም ዙር የዘገየበት ቀን ቁጥር በማስረከቢያው ጊዜ ላይ እንደሚጨመር ይጻፉ። ለክፍያ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ 5 የሥራ ቀን ይስጡ፤ ሁለት ፈራሚ ላለው ማኅበር ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውንም ይግለጹ።

ደረጃ 7፦ አንቀጹን ይጻፉ

ከላይ ያለው ሁሉ ሲሰበሰብ እንዲህ ይሆናል፦

> ጠቅላላ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,380,000 ብር ሲሆን በአራት ዙር ይከፈላል። (ሀ) 414,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ፣ ይህ ፕሮፎርማ በገዢው ተፈርሞ በተመለሰ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ። ይህ ክፍያ የዋጋው አካል እንጂ ቀብድ አይደለም። (ለ) 552,000 ብር፣ ማሽኑ በሻጩ ወርክሾፕ ያለ ቡና ሲዞር ታይቶ የፍተሻ ሰነዱ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ፤ ማሽኑ የሚጫነው ይህ ክፍያ ከገባ በኋላ ነው። (ሐ) 276,000 ብር፣ ማሽኑ በገዢው ግቢ፣ ወይም መኪና መግባት ካልቻለ ገዢው በአጋሮ ከተማ በጽሑፍ በሚያሳውቀው መጋዘን ተራግፎ የርክክብ ሰነዱ በተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ። (መ) 138,000 ብር፣ በአባሪው በተገለጸው መለኪያ የእሸት ሙከራው ባለፈ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ወይም ኅዳር 15 ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው። ክፍያው በቀኑ ቢፈጸምም በሙከራው የሚታይን ጉድለት ሻጩ ያለ ክፍያ ያስተካክላል። ማሽኑ የሚጫነው (ሀ) ወደ ሻጩ የባንክ ሒሳብ ከገባ በ45 ቀን ውስጥ ነው፤ ማንኛውም ዙር የዘገየበት ቀን በዚህ ጊዜ ላይ ይጨመራል። ገዢው በሕግ መሠረት የሚቀንሰው ቅድመ ግብር ደረሰኙ ለሻጩ ሲሰጥ እንደተከፈለ ይቆጠራል።

ከኅዳር 15 ቀን ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን ያስገቡ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ጉዳይና የሙከራው መለኪያ በአባሪው ይቀመጡ፤ አንቀጹ ውስጥ ከገቡ የሚያነበው ሰው ዙሮቹን ይስታል።

ደረጃ 8፦ ከመላክዎ በፊት ለሌላ ሰው ያስነብቡ

አንቀጹን ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለሒሳብ ሠራተኛዎ ይስጡና ስለ እያንዳንዱ ዙር «መቼ ነው የምከፍለው? ምን ወረቀት አይቼ?» ብለው ይጠይቁት። በአንድም ዙር «ይመስለኛል» ካለ ያ ዙር እንደገና ይጻፋል። የአራቱ ዙሮች ድምር ከጠቅላላው ዋጋ ጋር እኩል መሆኑንም ያስደምሩት፤ ዋጋ ተቀንሶ ዙሮቹ ሳይስተካከሉ የቀሩበት ፕሮፎርማ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል።

ፕሮፎርማው ጸንቶ የሚቆይበትን ቀን ሲያስቀምጡ ይጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1690 መሠረት ጊዜ ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ያ ጊዜ እስኪያልፍ በሐሳቡ ይታሰራል። የላሜራ ዋጋ በሚዋዥቅበት ጊዜ 60 ቀን መስጠት አያስፈልግም፤ 10 ወይም 15 ቀን ይበቃል።

ችግር ሲገጥም

*ገዢው አንቀጹን ለውጦ ቢፈርም።* «30 በመቶ» የሚለውን ሰርዞ በእስክሪብቶ «20» ብሎ ከመለሰ ተስማማችሁ ማለት አይደለም፤ በቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ ጋር ያልተጣጣመ መልስ እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል። ዝም ብለው ሥራ ከጀመሩ ግን የእርሱን 20 እንደተቀበሉ ሊያስመስልብዎ ይችላል። ላሜራ ከመግዛትዎ በፊት በጽሑፍ ይመልሱለት። የገዢው የግዢ ማዘዣም የራሱ የአከፋፈል መስመር ይዞ ከመጣ በዚሁ መንገድ ያስተናግዱት።

*ገዢው የመጀመሪያውን ዙር ያለ ዋስትና አልከፍልም ቢል።* የባንክ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ባንኩ መያዣ ይጠይቃል፣ ክፍያም ያስከፍላል። አማራጩ የመጀመሪያውን ዙር ለሁለት መክፈል ነው፦ 15 በመቶ በፊርማ፣ 15 በመቶ ላሜራው ተገዝቶ በወርክሾፑ ውስጥ ለገዢው ተወካይ ሲታይ። ከኪስዎ ለጥቂት ቀናት 160,000 ብር ይወጣል፤ አቅም ከሌለዎት አይቀበሉት።

*ዕቃው ደርሶ የሚፈርም ሰው ቢጠፋ።* ማሽኑን ጥለው አይመለሱ። ያወረዱበትን ቀንና ሰዓት፣ የመኪናውን ሰሌዳና በቦታው የነበሩትን ሁለት ሰዎች ስም በርክክብ ሰነዱ ላይ ጽፈው ያስፈርሙ፤ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በማግስቱም የሰነዱን ቅጂ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገቢ አድርገው በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ማህተም ያስመቱ። ይህ ሊሆን እንደሚችል ካሰቡ በአባሪው ላይ «ሰነዱ ገቢ በተደረገ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ ተቃውሞ ካልቀረበ እንደተፈረመ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ አስቀድመው ያስገቡ።

*ሰነዱ ተፈርሞ ክፍያው ቢዘገይ።* በስልክ ከመነታረክ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ መጠየቅ የሚፈልግ ወገን በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በደብዳቤው ላይ የዙሩን ፊደል፣ የሰነዱን ቀንና የብሩን መጠን ይጥቀሱ፤ ስለ ሌላ ቅሬታ አይጻፉ።

*ደካማው አንቀጽ አስቀድሞ ተፈርሞ ከሆነ።* አዲስ ፕሮፎርማ አይላኩ፤ ሁለት ወረቀት ሁለት ትርጉም ያመጣል። የቀድሞውን ፕሮፎርማ ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ፣ «የአከፋፈል ሁኔታው በሚከተለው ተተክቷል» የሚል የአንድ ገጽ ተጨማሪ ስምምነት አዘጋጅተው በመጀመሪያው ላይ የፈረሙት ሰዎች ራሳቸው እንዲፈርሙበት ያድርጉ። ይህን ለማግኘት የሚሻለው ጊዜ ማሽኑ ገና በወርክሾፕዎ ውስጥ ሳለ ነው፤ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ገዢው አንቀጹን ለማስተካከል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።